"ቅጣት የለውም" የተባለ የመኪና ብድር፦ ሪፋይናንስ ከማድረግዎ በፊት የሚነበቡት መስመሮች

ጎረቤቴ ያገለገለ ካምሪ የገዛበትን ውል በቢጫ ፖስታ ይዞ መጣ። ሁለታችንም አሜሪካ ነው የምንኖረው። መኪናውን ከገዛ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ በ15 በመቶ ወለድ ነው የሚከፍለው። አሁን አንድ ክሬዲት ዩኒየን ዕዳውን በ9 በመቶ ሊረከበው ተስማምቷል። "አበዳሪዬ ጋ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ቀድመህ ብትዘጋው ቅጣት የለውም ብለውኛል" አለኝና ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

በስልክ ያነጋገረችው ሴት አልዋሸችውም። ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ ቀድሞ በመክፈሉ ቅጣት ይጣልበታል የሚል መስመር የለም። ያም ሆኖ ብድሩን በዚያ ሳምንት ቢዘጋ፣ ወለዱ እንደ ተራው ብድር ቢሰላ ኖሮ ከሚከፍለው በላይ 263 ዶላር ገደማ ይጨምር ነበር። ገንዘቡ ቅጣት አይባልም እንጂ ሥራው የቅጣት ነው። የተደበቀው በወለዱ አሰላል ውስጥ ስለሆነ "ቅጣት አለው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አያገኘውም።

እንዴት እንደሆነ ለማየት ሁለቱን የብድር ዓይነቶች መለየት ይቀድማል።

የመጀመሪያው ሲምፕል ኢንተረስት ይባላል። ዛሬ አብዛኛው የባንክና የክሬዲት ዩኒየን የመኪና ብድር እንዲህ ነው። ወለዱ እንደ መብራት ቆጣሪ ነው የሚሠራው፦ በቀረው ዋና ዕዳ ላይ በየቀኑ ይቆጥራል። ዋናውን ዕዳ ከፍለው የጨረሱ ቀን ቆጣሪው ይቆማል። 14,000 ዶላር የቀረው ሰው በ15 በመቶ በቀን 5.75 ዶላር ያህል ይቆጠርበታል፤ ከፍሎ ከጨረሰበት ቀን በኋላ ምንም የለበትም።

ሁለተኛው ፕሪኮምፒውትድ ነው። በዚህኛው የብድሩ ዘመን ሙሉ ወለድ በፈረሙ ቀን ተሰልቶ ከዋናው ዕዳ ጋር ይደመርና ድምሩ በወራቱ ይካፈላል። በወረቀት ላይ ወለዱን በሙሉ ገና ከጅምሩ ተበድረዋል ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ በብዛት የሚገኘው ክሬዲት ላልገነባ ሰው መኪናም ብድርም በሚሸጡ ነጋዴዎችና በአነስተኛ የፋይናንስ ኩባንያዎች ዘንድ ነው። አዲስ መጥቶ ክሬዲት የሌለው ወገናችን የመጀመሪያ መኪናውን ብዙ ጊዜ የሚገዛውም ከእነዚሁ ነው። ብድሩን ቀድመው ሲዘጉ አበዳሪው "ገና ያልሠራሁበትን" ወለድ ይመልስልዎታል፣ ማለትም ከዕዳዎ ላይ ይቀንሳል። ጥያቄው ያልሠራበት ወለድ ስንት ነው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ሩል ኦፍ 78 የሚባለው ስሌት የሚመጣው፤ በአንዳንድ ውል ላይ ሳም ኦፍ ዘ ዲጂትስ ተብሎም ይጻፋል። ስሙን ያገኘው ከአንድ ዓመት ብድር ነው፦ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች ቢደምሩ 78 ይመጣል። አበዳሪው በመጀመሪያው ወር ከጠቅላላው ወለድ 12/78ኛውን፣ በሁለተኛው 11/78ኛውን እያለ በመጨረሻው ወር 1/78ኛውን "ሠርቻለሁ" ብሎ ይይዛል። በተራው ብድርም ቢሆን ወለድ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ዕዳው ትልቅ ነውና። ይህ ስሌት ግን ከሚገባው በላይ ወደፊት ይጭነዋል። ብድሩን እስከ መጨረሻው ወር በሰዓቱ የሚከፍል ሰው ልዩነቱን በፍጹም አያየውም። የሚያየው መሀል ላይ የወጣ ሰው ብቻ ነው፤ ሪፋይናንስ ማድረግ ደግሞ መሀል ላይ መውጣት ነው።

የጎረቤቴን ውል በዚህ ዓይን እንየው። የተበደረው 18,000 ዶላር ነው፤ በ60 ወር፣ በ15 በመቶ። የወር ክፍያው 428.22 ነው። በ60 ሲባዛ 25,693 ይሆናል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ወለዱ 7,693 ዶላር ነው። 18 ወር ከፍሏል፣ 42 ይቀረዋል።

ብድሩ በየጊዜው በቀረው ዕዳ ላይ የሚሰላ ቢሆን ኖሮ ከ18ኛው ክፍያ በኋላ የሚቀረው ዕዳ 13,926 ዶላር ነበር። በሩል ኦፍ 78 ግን ከ1 እስከ 60 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 1,830 ይሆናሉ፤ ከ1 እስከ 42 ያሉት ደግሞ 903። ስለዚህ ከወለዱ 903/1,830ኛው፣ ማለትም 3,796 ዶላር፣ ይቀነስለታል። የ42ቱ ወር ክፍያ ድምር 17,985 ነው፤ 3,796 ሲነሳለት 14,189 ይቀራል። ከ13,926 ጋር ሲተያይ 263 ዶላር ብልጫ አለው።

በአሜሪካ ይህ ስሌት ሁሉም ቦታ ሕጋዊ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ከ1993 ወዲህ ከ61 ወር በላይ በሆነ፣ ለግል አገልግሎት በተወሰደ ብድር ላይ አግዶታል። ከዚያ ያጠረውን ለየግዛቱ ትቶታል፤ የከለከሉ ግዛቶች አሉ፣ የሚፈቅዱም አሉ። የጎረቤቴ ውል 60 ወር ነው። ለምን 60 እንደሆነ አላውቅም፤ የተለመደ ቁጥር ስለሆነም ሊሆን ይችላል። 72 ወር ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ስሌት በማንኛውም ግዛት አይፈቀድም ነበር።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። ትሩዝ ኢን ሌንዲንግ የሚባለው የ1968ቱ ሕግ አበዳሪው ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች ለይቶ እንዲያሳይ ያስገድዳል፦ ኤፒአር፣ ብድሩ በጠቅላላ የሚያስወጣዎት ወለድና ክፍያ የሆነው ፋይናንስ ቻርጅ፣ አማውንት ፋይናንስድ፣ ቶታል ኦፍ ፔይመንትስ። ብዙ ሰው እነዚህን አራቱን ያያል፣ ወሩንም ያያል፣ ይፈርማል። ከሥራቸው ግን ፕሪፔይመንት ብሎ የሚጀምር አንድ ወይም ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አለ። የምንፈልገው እሱን ነው።

ደንቡ ለሁለቱ የብድር ዓይነቶች ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ይጠይቃል። ወለዱ በቀረው ዕዳ ላይ ለሚቆጠረው ብድር፣ ቀድመው ቢከፍሉ ቅጣት ይኖር እንደሆነ ወይም እንደማይኖር መናገር አለበት። ወለዱ አስቀድሞ ለተደመረበት ብድር ደግሞ፣ ከፋይናንስ ቻርጁ ከፊሉ ይመለስልዎት እንደሆነ ወይም እንደማይመለስ መናገር አለበት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ስለምን እንደሚናገር ይመልከቱ። ስለ ቅጣት የሚናገረው መስመር ሲምፕል ኢንተረስትን ያመለክታል። ስለ ተመላሽ የሚናገረው ፕሪኮምፒውትድን ያመለክታል።

የጎረቤቴ ወረቀት "ብድሩን ቀድመው ቢከፍሉ ከፋይናንስ ቻርጁ ከፊሉ ሊመለስልዎት ይችላል" የሚል ሐሳብ ያለው መስመር ነበረበት። ሲያነቡት የምሥራች ይመስላል። ጎረቤቴም "እሰይ፣ እንዲያውም ይመልሱልኛል ማለት ነው" ብሎ ነበር። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ በጥሩው ብድር ውስጥ ያልተቆጠረ ወለድ ገና ስላልተጫነብዎ የሚመለስ ነገር የለም። ተመላሽ የሚያስፈልገው ቀድሞ የተጫነ ወለድ ሲኖር ነው። ይህን መስመር ካዩ ወደ ጀርባ ገጾቹ ይሂዱና ተመላሹ በምን ስሌት እንደሚታሰብ የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። አክቿሪያል የሚል ከሆነ ስሌቱ ትክክለኛው ነው፤ ሩል ኦፍ 78 ወይም ሳም ኦፍ ዘ ዲጂትስ የሚል ከሆነ ሒሳቡን ከላይ እንዳየነው ይሥሩ። በዚያው አንቀጽ ውስጥ አበዳሪው ተመላሹን ከማስላቱ በፊት ለራሱ የሚያስቀረው አኩዊዚሽን ቻርጅ የሚባል ጥቂት ገንዘብም ሊኖር ይችላል።

ውሉ ከጠፋብዎ ሌላ መለያ አለ። የአበዳሪውን አፕ ይክፈቱና የቀረ ዕዳ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር በወር ክፍያዎ ያካፍሉት። የጎረቤቴ አፕ 17,985.24 ይል ነበር፤ ለ428.22 ሲካፈል ልክ 42 ይመጣል። ድፍን ቁጥር ከመጣ ገና ያልደረሰ ወለድ ሁሉ ተደምሮ እያዩ ነው ማለት ነው። በሲምፕል ኢንተረስት ብድር የሚታየው ዋናው ዕዳ ብቻ ስለሆነ እንዲህ እኩል አይካፈልም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን አፕ አይቶ "ገና 18,000 ሊሞላ የቀረብኝን ዕዳ ማን ይወስድልኛል" ብሎ ሪፋይናንሱን ገና ሳይሞክር ይተወዋል። ያ ቁጥር የመዝጊያ ሒሳቡ አይደለም።

ግልጹ ቅጣትም አለ፤ በወፍራም ፊደል ተጽፎ ካገኙት ሒሳቡ ቀላል ነው። ከቀረው ዕዳ መቶኛ ሊሆን ይችላል፣ ቁርጥ ያለ ገንዘብም ሊሆን ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ የሚሠራም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ዓይነት ከሆነ ቀኑን አስልቶ መጠበቅ ያዋጣል። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች ግን በሕጋቸው ቀድሞ ለከፈለ አባል ቅጣት መጣል አይችሉም። የሚዛወሩት ወደ እነሱ ከሆነ አዲሱን ብድር በሌላ ጊዜ ለመዝጋት ቢፈልጉ ይህ ነገር አያሳስብዎም።

ለኡበርና ለታክሲ ሹፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ የጠቀስኳቸው የትሩዝ ኢን ሌንዲንግና የ61 ወሩ ጥበቃዎች ለግልና ለቤተሰብ አገልግሎት ለተወሰደ ብድር ናቸው። መኪናው በኤልኤልሲ ስም ወይም "ለንግድ ሥራ" ተብሎ ከተፈረመ ያ ሁሉ የቁጥር ዝርዝር ላይኖር ይችላል፤ የ61 ወሩም ገደብ ላይሠራ ይችላል። እንደዚህ ያለ ውል ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ ማንበብ ግድ ነው።

ከመኪና ሻጮች የሚሰማ ነገርም አለ፦ "ለሦስት ወር ያህል ሪፋይናንስ እንዳታደርግ፣ ችግር ያመጣብሃል።" ችግሩ በአብዛኛው የሻጩ ነው። ብድሩን ለአበዳሪው ያስተላለፈበት ኮሚሽን፣ ብድሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተዘጋ ተመልሶ ይወሰድበታል። ውልዎ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ እርስዎን የሚያስር ነገር የለውም። በእርግጥ ሻጩ ለዚያ ብሎ ቅናሽ ሰጥቶዎት የተፈረመ ወረቀት ካለ እሱን ያንብቡ።

ውሉ ከተነበበ በኋላ የሚያስፈልገው ፔይኦፍ ሌተር ነው፤ ዕዳውን ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ትክክለኛ ገንዘብ የሚናገር ደብዳቤ ማለት ነው። በስልክ የተነገረ ቁጥር አይበቃም። ፕሪኮምፒውትድ ብድር ከሆነ አበዳሪው በጠየቁት በ5 ቀን ውስጥ መዝጊያውንና ተመላሹን ለይቶ የመስጠት የፌዴራል ግዴታ አለበት፤ በዓመት አንዴም በነጻ ነው። ደብዳቤው እስከ ምን ቀን እንደሚያገለግል ይጻፍበታል፤ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ነው። በሲምፕል ኢንተረስት ብድር ላይ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚጨመረውን ፐር ዲየምም ያሳያል። ያለፉ የዘገዩ ክፍያዎች ቅጣት፣ ክፍያ ያራዘሙበት ወር ወለድ፣ ተመልሶ የመጣ ቼክ ክፍያ፣ ሁሉም እዚህ ይጠራቀማሉ። የማያውቁት መስመር ካለ ቼኩ ከመላኩ በፊት ይጠይቁ፤ ከተከፈለ በኋላ ማስመለስ አድካሚ ነው።

ፕሪኮምፒውትድ ውል ላይ ቀኑ ራሱ ዋጋ አለው። አንዳንዱ ውል ጥቂት ቀን የተነካ ወር ሙሉ ወር ተደርጎ እንዲቆጠር ይፈቅዳል። በጎረቤቴ ሒሳብ የ19ኛው ወር ወለድ 177 ዶላር ገደማ ነው። የክሬዲት ዩኒየኑ ቼክ የወሩ መክፈያ ቀን ካለፈ በኋላ ቢደርስ ውሉ በሚለው መሠረት ይህን ገንዘብ ለጥቂት ቀን ብሎ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አዲሱ አበዳሪ ቼኩን መቼ እንደሚልክ፣ በፖስታ ይሁን በኤሌክትሮኒክስ፣ ቀድመው ጠይቀው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ቼኩ ደርሶ ሒሳቡ ዜሮ መሆኑን እስኪያዩ ድረስ ግን የወር ክፍያዎን አያቁሙ። ትርፍ የከፈሉት ይመለሳል። በተቃራኒው 20 ዶላር እንኳ ቢጎድል የድሮው አበዳሪ በታይትሉ ላይ ያለውን ሊን፣ ማለትም የዕዳ መያዣውን፣ አያነሳም፤ አዲሱም ታይትሉን ይጠብቃል። አውቶፔይ ያለው ሰው እንዲሁ ሁለት ቦታ እንዳይቆረጥበት ያጥፋው፤ ግን ከዜሮው በኋላ።

አሁን ሒሳቡን ወደ አንድ ቦታ እናምጣው። ጎረቤቴ ከድሮው አበዳሪ ጋር ቢቀጥል 17,985 ዶላር ይከፍላል። ክሬዲት ዩኒየኑ 14,189ኙን ዶላር በ9 በመቶ፣ በቀሩት 42 ወራት ቢያበድረው ወሩ 395.09 ይሆናል፣ ጠቅላላው 16,594። ትርፉ 1,391 ነው። የታይትል፣ የሊን ምዝገባና የአዲሱ አበዳሪ የሰነድ ክፍያ በእሱ ጉዳይ ተደምሮ 150 ዶላር መጣ። እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ከእጅ ይከፈል ወይስ ከብድሩ ጋር ይደመር ብለው ይጠይቁ፣ ከተደመረ ወለድ ይወልዳል። 150ው ሲወጣ 1,241 ዶላር ተረፈው። የተሸሸገው 263 ዶላር በመዝጊያው ውስጥ ስላለ ቀድሞ ተቀንሷል። እንግዲህ ሩል ኦፍ 78 ቢኖርም መውጣቱ አዋጣው።

ግን ክሬዲት ዩኒየኑ መጀመሪያ ያሳየው 42 ወር አልነበረም። "በ60 ወር ብናደርግልህ ወርህ 294.54 ይሆናል" ብለውት ነበር። ከ428 ወደ 295 ሲወርድ ማን አይወድም? ሲደመር ግን 17,672 ይሆናል። ከ17,985 ጋር ያለው ልዩነት 313 ዶላር ብቻ ነው፤ የ150 ዶላሩ ወጪ ሲነሳ 163። ለ163 ዶላር ሲል መኪናው ይበልጥ አርጅቶ ሳለ ዓመት ተኩል ተጨማሪ ይከፍላል። የድሮው ውል በዚህ ላይ የቀረውን ዕዳ 2 በመቶ የሚቀጣ ቢሆን ደግሞ፣ ያ 284 ዶላር ስለሆነ 121 ዶላር ከስሮ ይወጣ ነበር፤ ወሩ ግን ያው የወረደ ይመስለዋል። ቅጣቱንና ወጪውን ከወር ክፍያ ጋር ያነጻጸረ ሰው ይሳሳታል። የሚነጻጸሩት ከጠቅላላ የቀሪ ክፍያ ልዩነት ጋር ነው።

በእርግጥ ወሩ ራሱ የከበደው ሰው አለ፤ መኪናው ሊወሰድበት የደረሰ ሰው 163 ዶላር ባይተርፈውም 60ውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። የሚከፍለውን አውቆ ይምረጥ እንጂ።

ከፖስታው ውስጥ አንድ ወረቀት ቀርቶን ነበር። ጋፕ ይላል። መኪናው ቢሰረቅ ወይም ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንሱ በከፈለውና በዕዳው መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን ነው። ሻጩ 700 ዶላር ብሎ ከ18,000ው ብድር ውስጥ አስገብቶታል። ጋፕ የተያያዘው ከዚያ ከድሮው ብድር ጋር ስለሆነ ብድሩ ሲዘጋ ሥራው ያበቃል፤ ያልተሠራበት ጊዜ ዋጋ ግን ሊመለስ ይችላል። በጎረቤቴ ወረቀት ላይ በቀሩት ወራት ልክ ይታሰባል፦ ከ60 ወር 42 ስለቀረ 490 ዶላር፣ የመሰረዣ 50 ተቀንሶ 440። ይህ ገንዘብ በፔይኦፍ ደብዳቤው ላይ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ በጽሑፍ ካልጠየቀ አይንቀሳቀስም። ብድሩ ከተዘጋ በኋላ ከተሰረዘ ቼኩ ለራሱ ይመጣል። ዕዳው ከመኪናው ዋጋ በላይ ከሆነ ግን አዲሱ ብድር ላይ ያለ ጋፕ መቅረት ስጋት አለው፤ የክሬዲት ዩኒየኑን የጋፕ ዋጋ ጠይቆ ማወዳደር ነው። ለጥገና የተገዛ ሰርቪስ ኮንትራክት ግን በአብዛኛው መኪናውን ስለሚከተል ሳይሰረዝ ሊቀጥል ይችላል።

ጎረቤቴ 42ቱን ወር መረጠ። ቼኩ ከመክፈያው ቀን አራት ቀን ቀድሞ ደረሰለት፣ ሊኑም ተነሳ። የጋፑን ስረዛ ደብዳቤ በተመዘገበ ፖስታ ልኮ ኮፒውን እዚያው ቢጫ ፖስታ ውስጥ አስቀመጠው፤ 440 ዶላሩን አሁንም እየጠበቀ ነው።